በፓስታ ካርቶን ላይ ያልተጻፈው «ለምን»

«መምህር ግርማ ስም ብቻ ነው የሚጠይቀው አሉ።»

የክፍል ጓደኛዋ ሰገን ይህንን ወሬ ከወልድያ እየደወለች ለአራተኛ ጊዜ ስትነግራት፣ ሀስና መርሳ ላይ ከአባቷ ሱቅ ጀርባ ቁጭ ብላ የፓስታ ካርቶን በመቀስ ትቆርጥ ነበር። ማን አለ ብላ ብትጠይቃት፣ ሦስተኛ ዓመቶች አለች ሰገን። እነሱስ ከማን ሰሙ? ከአራተኛ ዓመቶች። ወሬ እንዲህ ነው፤ አባቱ አይታወቅ እንጂ ልጆቹ ይበዛሉ።

ሀስና ግን ልታምነው ፈለገች። የመምህር ግርማን የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ፈተና ወድቃለች፣ ድጋሚ የተፈቀደላት አንዴ ብቻ ነው፣ ሐሙስ ካላለፈች ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው ትሰናበታለች። ስለዚህ ከሪአክሽን ሜካኒዝም፣ የኬሚካዊ ለውጥ እርምጃዎችን ከሚተነትነው ምዕራፍ፣ ስድሳ ካርድ አወጣች። በካርቶኑ ግራጫ የውስጥ ገጽ ላይ ጥያቄውን ጻፈች፣ ከሥሩ የሪአክሽኑን መንገድ ስም፦ ኤስ ኤን ዋን፣ ኤስ ኤን ቱ፣ ኢ ዋን፣ ኢ ቱ።

ማክሰኞ ከሰዓት ታላቅ እህቷ መሪማ ካርዱን እየያዘች ትጠይቃት ጀመር። መሪማ ከአሥረኛ ክፍል ወዲህ ኬሚስትሪ ነክታ አታውቅም፤ ሱቁን ግን እሷ ናት የምታስተዳድረው፣ ሰው ሲያታልልም ከሩቅ ታውቃለች። ሀስና ሃምሳ ስምንቱን መለሰች። ልቧ ትንሽ ረጋ አለ።

«እኔ ሳልጨርስ ነው እኮ የምትመልሺው» አለች መሪማ። «ዓይንሽም ከካርዱ ጀርባ አይነቀልም። እስቲ በመዳፌ ልሸፍነው።»

ሸፈነችው። ሀስና ታይ የነበረው ከካርቶኑ ጀርባ የታተመውን ሥዕል ነው። ግማሽ ቲማቲም ያለበት ቁራጭ ኢ ቱ እንደነበር፣ የማንኪያው ጫፍ የሚታይበት ኤስ ኤን ዋን እንደነበር ያኔ ገባት። ስድሳውንም እየሸፈኑ ቢሞክሩት የመለሰችው አሥራ ዘጠኝ ነው። ኬሚስትሪ ሳይሆን ፓስታ ስታጠና ነበር የሰነበተችው።

«ስሙን ተይው» አለች መሪማ። «ይሄ ብሮሚን የሚሉት ለምንድነው ካርቦኑን ጥሎ የሚሄደው?»

«ይሄዳል ይላል መጽሐፉ።»

«ባልም ጥሎ ይሄዳል። ሰፈሩ የሚያወራው ግን ለምን እንደሄደ ነው።»

ሀስና መጽሐፉን መልሳ ገለጠች።

የቀራት አንድ ቀን ነው። የሰገን ወሬ እውነት ከሆነ ስሞቹን መጣል በገዛ እጅ መሰናበት ነው፤ ውሸት ከሆነ ደግሞ ስሞቹን ብቻ ይዞ መግባት ነው የሚያሰናብታት። ካርቶኖቹን ምድጃው አጠገብ ወረወረችና ከደብተሯ ነጭ ወረቀት በእኩል መጠን ቆረጠች። አሁን እያንዳንዱ ካርድ ስለ አንድ እርምጃ ለምን ብሎ ይጠይቃል፣ ከሥሩም አንድ ነገር ለውጦ ዳግም ይጠይቃል። ሦስት የካርቦን ጎረቤቶች ያሉትን ካርቦን ብሮሚኑ ለምን ቀድሞ ይለቀዋል? ብሮሚኑ ኤሌክትሮኖቹን ወስዶ ቻርጁን ተሸክሞ መቀመጥ ስለማይከብደው፤ ባዶ የቀረውን ፖዘቲቭ ካርቦን ሦስቱ ጎረቤቶቹ ከኤሌክትሮናቸው እያካፈሉ ስለሚያረጋጉት፤ ሪአክሽኑ የሚካሄድበት ውሃም ሁለቱንም ከብቦ ስለሚይዛቸው። ጎረቤቶቹስ በሃይድሮጅን ቢተኩ? ካርቦኑ ብቻውን ፖዘቲቭ ሆኖ መቆም አይችልም፤ ከኋላ ደግሞ መንገዱ ክፍት ነው፤ ስለዚህ ኤሌክትሮን ይዞ የሚመጣው እንግዳ፣ ኑክሊዮፋይሉ፣ ከኋላ ሲገባ ብሮሚኑ ከፊት ይወጣል፣ በአንድ እርምጃ።

የመሪማ ሕግ አንድ ነበር። ሀስና «በቃ እንዲህ ስለሆነ ነው» ባለች ቁጥር ካርዱ ወደ ክምሩ ይመለሳል። ረቡዕ ሲመሽ ሃያ ሦስት ካርድ ብቻ ተሠርቷል። ስድሳ የነበረው ሃያ ሦስት መሆኑ እንቅልፍ ነሳት።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ወልድያ የሚሄደው ሚኒባስ ሲሪንቃን ሲያልፍ ሀስና አሁንም ወረቀት ታገላብጥ ነበር። እሷም ድጋሚ የምትፈተነው ሰገን በፈተናው ክፍል በር ላይ ስሞቹን እንደ ዶቃ እየደረደረች ጠበቀቻት፤ ስለ ካርዶቹ ስትሰማም አዘነችላት።

የፈተናው ወረቀት ስም አልጠየቀም። «ሦስት የካርቦን ጎረቤቶች ያሉት ብሮማይድ በኤስ ኤን ዋን መንገድ ሲሄድ፣ የኑክሊዮፋይሉ መጠን እጥፍ ቢሆንም ፍጥነቱ አይጨምርም። ለምን?» ይላል።

ይህ ከሃያ ሦስቱ ካርዶች በአንዱም ላይ የለም። ሀስና ጥያቄውን ደግማ አነበበች። ከዚያ የእህቷን ድምፅ ተከትላ ራሷን ጠየቀች፦ ከእርምጃዎቹ የሚዘገየው የቱ ነው? ብሮሚኑ የሚሄድበት። ያኔ ኑክሊዮፋይሉ የት ነው? ገና አልገባም። ያልገባ እንግዳ ቢበዛም የብሮሚኑን መሄድ አያፈጥነውም። እንዲያ ብላ ጻፈችው፤ የቀሩትንም እንዲሁ እየጠየቀች ሰዓቱ አለቀባት።

ስምንት ቀን እህል አልቀመስ አላት። በዘጠነኛው ውጤቱ ተለጠፈ፤ አልፋለች። መሪማን ደውላ ስትነግራት አልሐምዱሊላህ አለችና ደንበኛ ቆሞብኛል ብላ ዘጋችው።

መምህር ግርማ ቢሮ ድረስ ያስጠራት በማግሥቱ ነው። ጠረጴዛው ላይ የመጀመሪያው ፈተናዋ ተዘርግቷል። የመጨረሻው ገጽ ከሌላ ተማሪ ወረቀት ጋር በስቴፕለር ተጣብቆ ቀርቶ ነበር አለ፣ መደርደሪያውን ሲያጸዳ ትናንት ነው ያገኘው።

«አርሜ ደመርኩት» አለ መነጽሩን እያወለቀ። «ያኔም አልፈሽ ነበር።»