ከሁለት ተኩል እስከ አራት

መካነ ሰላም ላይ በቀን በሩን የሚዘጋ ሰው ሦስት ምክንያት ብቻ ነው ያለው፦ ወይ ታሟል፣ ወይ አኩርፏል፣ ወይ መንገድ ሄዷል። ፊርደውስ ይህን አጥታው አይደለም፤ ተወልዳ ያደገችው እዚያው ነው። ስድስት ዓመት አዲስ አበባ ስትኖር ግን በር የተሠራው ለመዘጋት ነው ብላ ማመን ጀምራለች።

የተመለሰችው አባቷ በሞቱ በሦስተኛው ወር ነው። ደሴ ሱቅ ያለው ታላቅ ወንድሟ ሳዲቅ እናታቸውን እትዬ ብርሀንነሽን ወደ ራሱ ወስዶ ቤቱን ሊያከራየው ቆርጦ ነበር። እትዬ ብርሀንነሽ «ከዚህ ግቢ በቃሬዛ ነው የምወጣው» ብለው እንቢ አሉ። ያን ጊዜ ፊርደውስ፣ «እኔ አብሬያት እሆናለሁ፤ ሥራዬን እቤት ሆኜ እሠራለሁ» አለች። ሳዲቅ ሳቀ። እቤት ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ እሱ የሚያውቀው እንጀራና ወጥ ብቻ ነው። «እሺ እናያለን» አላት፤ «ብቻዋን ተትታ ካገኘኋት ግን የዚያኑ ቀን ነው የምወስዳት።»

ሥራዋ የተቀዳ ድምፅ እያዳመጡ በጽሑፍ ማስፈር፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም ነው። አዲስ አበባ ያለች ሄለን የምትባል አስተባባሪ አራት የገበሬ ቃለ መጠይቆች ላከችላት፤ እያንዳንዱ የግማሽ ሰዓት። ለሙከራ ነው። በሳምንቱ ሐሙስ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ሥራው ጥርት ብሎ ከደረሰ የስድስት ወር ውል አለ። ካልደረሰ ፊርደውስ አዲስ አበባ ተመልሳ ቢሮ ለቢሮ ልትንከራተት፣ እናቷ ደሴ፣ ቤቱ ለተከራይ።

አንድ የግማሽ ሰዓት ቅጂ አምስት ሰዓት ይበላል። አራቱ ሃያ ሰዓት። ፊርደውስ ወረቀት አስምራ ቀኗን በየሰዓቱ ከፋፈለችው። ከሁለት እስከ ሁለት ተኩል የቀኑን ሥራ መለየትና መልእክት ማየት፤ ከሁለት ተኩል እስከ አራት ጥልቅ ሥራ፣ ስልክ ተዘግቶ፣ ማዳመጫ ጆሮ ላይ ሆኖ፤ ሃያ ደቂቃ እረፍት፤ ከአራት ከሃያ እስከ ስድስት ሊሆን አስር ጉዳይ ሁለተኛው ጥልቅ ሥራ፤ ምሳና ሶላት፤ ከሰዓት በኋላ ስልክ፣ መልእክትና ትርኪምርኪው። በቀን ሦስት ሰዓት፣ በሰባት የሥራ ቀን ሃያ አንድ። ሃያውን ለሥራው፣ አንዷን ለአላህ ቁጣ። እንዲህ ያለ ሒሳብ ወረቀት ላይ ሲያዩት እንዴት ያምራል!

የመጀመሪያው ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩን ዘጋች። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጎረቤቷ እትዬ በለጥሻቸው የቆርቆሮውን በር አንኳኩተው ገቡ።

«ምነው ልጄ፣ በሽታ ነው?»

«ኧረ ደህና ነኝ እትዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«እ... ሥራ» አሉ፣ ባዶውን ክፍል፣ ወንበሩንና ላፕቶፑን ዓይናቸው አንድ በአንድ እየቆጠረ። «አብሽሪ፣ እግዜር ይማርሽ።» ወጥተው ለሰፈሩ ነገሩ። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ አንዷ የዘምዘም ውሃ፣ ሌላዋ ጠበል ይዛ መጣች፤ ሦስተኛዋ ከእናቷ ጋር ተጣልታ እንደሆነ ልታስታርቅ። አንዱም ጠያቂ ከአምስት ደቂቃ በላይ አልቆየም። ነገር ግን አምስት ደቂቃ በሩ ላይ ከቆመች በኋላ የገበሬውን ድምፅ መልሳ ለመያዝ፣ የት ጋ እንዳቆመች ለማግኘት፣ ሩብ ሰዓት ይፈጅባታል። ተቀምጣ ደግሞ ልቧ አይረጋም፤ አሁን ማን ይመጣ ይሆን እያለች ማዳመጫውን ካንዱ ጆሮዋ ታነሳለች። ማንም ሳይመጣ ሲቀርም የምታቋርጠው ራሷ ናት፦ ሽንኩርት አልቋል፣ ለሳዲቅ አልደወልኩም፣ መብራቱ ሊጠፋ ይሆን። በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ ሆነ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ሁለት ቀን ወቅጣ ከስድስቱ ሰዓት አምስቱን ከሰረች።

በሁለተኛው ቀን ማታ ወረቀቱን ቀድዳ እንደ አዲስ አሰመረች። ጥፋቷ ገብቷታል፤ ሰው የሌለበት አገር ፕሮግራም ነበር ያወጣችው። አሁን ከስምንት እስከ ዘጠኝ ያለውን ሰዓት ለጎረቤት ክፍት አደረገችው፤ መልእክት የሚያስነብብ፣ ስልክ የሚያስተካክል፣ ወግ ያማረውም በዚያ ሰዓት ይምጣ። ከዘጠኝ እስከ አስር ያለውን ምንም ሳትጽፍበት ባዶ ተወችው፤ ከጠዋቱ የተረፈ ሥራ የሚሸጋገርበት። በሥራ መሃል ብቅ የሚልባትን ሐሳብ ደግሞ አጠገቧ ባለች ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ እዚያው ታስረዋለች፤ ሽንኩርትም ቢሆን እረፍት እስኪደርስ ይጠብቃል።

«ታዲያ ለሰው ማን ይነግርልሻል?» አሉ እናቷ። እትዬ ብርሀንነሽ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ፀሐይ ወጥቶ ካልሞቀ የማይነሱ፣ ቢነሱም ግድግዳ ተደግፈው የሚውሉ ሴት ሆነው ነበር። «በር መጠበቅ ከሆነ ጉዳዩ፣ ለእኔ ተዪው።»

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሻሻቸውን አስረው በርጩማቸውን ደጁ ላይ አደረጉ። የመጣውን ሁሉ፣ በር ከመመታቱ በፊት ብድግ ብለው ደርሰው፣ በሹክሹክታ ይመልሱት ጀመር። «ሰዓቷ አልደረሰም። ስምንት ሰዓት ላይ ና።» የቀበሌ ሊቀ መንበር እንኳ ይህን ያህል አይከበርም። ስምንት ሰዓት ሲሆን ባለጉዳዩ ግቢው ውስጥ ሰልፍ ይዞ ይገኛል፤ እትዬ ብርሀንነሽ ተራ ያስይዛሉ። ፊርደውስ ሳቋ እየመጣ ግን ሠራች። ሦስተኛው ቅጂ ረቡዕ አለቀ። ሐሙስ ጠዋት ስትነሳ የቀራት የመጨረሻው ቅጂ ትርጉም፣ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ነበር።

የዚያን ቀን ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ የደጁ ድንጋይ ረጥቧል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ማዳመጫዋን አጠለቀች። እንደዚያ ቀን ሥራው ገር ሆኖላት አያውቅም፤ ገበሬው ሲናገር እንግሊዝኛው ራሱ ጣቷ ላይ ይመጣል። ሰዓቷን አየት አደረገች፤ አራት። እረፍት ነው። ተነስታ ወገቧን ማፍታታት፣ ውሃ መጠጣት፣ እናቷን ማየት ነበረባት። «ይህችን አንቀጽ ብቻ» አለች። ከዚያም ሌላ አንቀጽ። ቸኩላለች፤ ያቺ አስራ አንድ ሰዓት ስድስቱን ቀን ሙሉ ጀርባዋን ስትወጋት ከርማለች። ቀና ያለችው አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።

በሩን ስትከፍት እናቷና እትዬ በለጥሻቸው ደፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አይነጋገሩም። የእናቷ ቀሚስ ጭቃ ሆኗል። ቀኝ እጃቸው በሻሻቸው ተጠቅልሎ ጭናቸው ላይ ነው፤ አንጓው አብጦ ወደ አንድ ጎን ዞሯል። ፊታቸው አመድ መስሎ ላብ ቸፈፍ ብሎበታል።

«ጨረስሽ?» አሉ እናቷ።

«እማዬ! ምን ሆነሽ ነው?»

«እሷ በሩን ልትመታው ስትል ልደርስባት ስሮጥ አዳለጠኝ። ምንም አይደለም።»

«መቼ?»

እትዬ በለጥሻቸው ናቸው የመለሱት። «ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ። ልጥራት ብላት አፌን ያዘችኝ። አራት ሰዓት ሲሆን ትወጣለች፣ ልጄ ሰዓት አታሳልፍም ስትል፣ ይኸው ቁጭ ብለን ስናይ... አራት ሰዓትም አለፈ።» ድምፃቸው ተቆጣ። «እኔስ እናት እንዲህ ስትሆን አላየሁም፤ ጥርሷን ነክሳ፣ ድምፅ እንዳይወጣት።»

ከዚያች በር ወዲያ አንድ ሰዓት ከአስር ደቂቃ። ሦስት እርምጃ አይሆንም። የማታውቀውን ገበሬ ሳል ሳይቀር ጆሮዋን ሰጥታ ስታዳምጥ፣ እናቷ ከበሩ ማዶ ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። ራሷን ጠላች፤ ሌላ ቃል የለውም።

በባጃጅ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ራጅ ተነሱ፤ አጥንቱ ተሰብሯል፤ በጀሶ ታሰረ። ሲመለሱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። እናቷ አልጋ ላይ ጋደም እንዳሉ፣ «ግቢና ሥሪ። በሩን ዝጊው» አሉ። ፊርደውስ ገባች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም። ማዳመጫውንም ካንድ ጆሮዋ ብቻ አደረገችው። የቀራት የአንድ ሰዓት ከሩብ ሥራ ነበር፤ ባዶ የተወችው ሰዓት ሊበቃት ምንም አልቀረውም። በየሁለት መስመሩ እየዞረች አልጋውን ታያለች። የዚያን ቀን ከሰዓት አንድም ሰው አላቋረጣት፤ አንድም ደቂቃ ግን ልቧ አርፎ አልሠራችም። አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላከችው።

የሄለን መልስ ብዙ አልቆየም። «ደርሶኛል። ንጹህ ሥራ ነው። ውሉን ሰኞ እልክልሻለሁ።» ፊርደውስ ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ስድስት ቀን ሙሉ እንደዚህ ያለችውን ደስታ ስትጠብቅ ከርማ፣ አሁን ደስታዋ መጥታ የምትቀመጥበት አጣች።

አመሻሽ፣ መግሪብ ላይ ሳዲቅ ደወለ። ደሴ ድረስ ወሬው ደርሶታል። «ስንት ሰዓት ላይ ነው የወደቀችው?» አለ። እትዬ ብርሀንነሽ አልጋው ላይ ሆነው ደህናውን እጃቸውን አወጡና ለልጃቸው አራት ጣት አሳዩአት። አራት ሰዓት ላይ ነው በይው ብለው በዓይናቸው ለመኗት።

«ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ» አለች ፊርደውስ። «እኔ ያየኋት አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው።»

«የት ሄደሽ?»

«ቤት ነበርኩ።»

ሳዲቅ አልጮኸባትም። ቢሳደብ ይሻላት ነበር። «ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ» አለ። «ልብሷን ሰብስቢ።»

«አምጪው» አሉ እናቷ፤ ስልኩን በግራ እጃቸው ተቀበሉ። «ሳዲቅ፣ ቅዳሜ ከመጣህ ከአራት ሰዓት በኋላ ና። ከዚያ በፊት በር አይከፈትም... አልሄድም አልኩህ እኮ። ሥራ አለኝ... ምን ሥራ? የልጄን ሰዓት ማን ይጠብቅላታል? ባንድ እጅም ይጠበቃል... እሺ፣ ና ጠይቀኝ፤ ጠይቀኝና ሂድ። ወላሂ መኪናህ ላይ እግሬን አላሳርፍም።» ስልኩን መለሱላት፤ ሳዲቅ ዘግቶታል።

ፊርደውስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እንባዋ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

«ሁለተኛ እንዲህ እንዳታደርጊኝ» አለች። «ከወደቅሽ፣ ካመመሽ፣ ጥሪኝ። ሰዓት የለውም። ሥራዬ ድብን ይበል።»

«እሺ።»

«በአላህ በይኝ።»

«በአላህ። ከወደቅኩ እጠራሻለሁ።» እትዬ ብርሀንነሽ ጀሶውን በግራ እጃቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለስ አድርገው፣ ልጅ ነገር እንደሚጠይቀው ቀስ ብለው፣ «ካልወደቅኩስ?» አሉ።

«ምን?»

«ካልወደቅኩ፣ ካላመመኝ። ዝም ብዬ ብጠራሽስ?»