ሳይመጡ የተገኙት ኦቦ ጉርሙ

በአምቦው ማሠልጠኛ ኬሚስትሪ የምታስተምረው ቤርሳቤህ በየቀኑ ትመጣለች፤ መዝገቡ ግን አንድም ቀን መጣች አይልም። ዘንድሮ ፊርማ ቀርቶ ሠራተኛው ሁሉ ስልኩን ጥበቃ ቤቱ በር ላይ ከተለጠፈች ክብ ተለጣፊ ያስጠጋል፤ ስልኩ ጢን ሲል «ተገኝቷል» ይባላል። የእሷ ርካሽ ስልክ ተለጣፊ የሚያነብበት ነገር የለውም። ስለዚህ የለችም። ነገ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ከሥራዋ ሊያሰናብታት ይቀመጣል።

ዲኑ ዶክተር ዱጋሳ ተለጣፊዋን መጀመሪያ የብረቱ በር ላይ ለጥፈዋት ነበር። ብረት ላይ አልነበብ ስትል የሠራተኛውን ስልክ ሲራገሙ ሰነበቱና እንጨት ላይ አዛወሯት። «ውጭ አገር ሰው ስልኩን አስነክቶ የሚከፍልበት ቴክኖሎጂ ነው፤ አይጭበረበርም» ብለው ሪባን ቆረጡላት። ለተለጣፊ።

ቤርሳቤህ ኔትወርክ የሚሠራውን ፉአድን ጠየቀችው።

«ሞገዱ አንድ ነው፤ ጭንቅላቱ ለየቅል» አላት ሻዩን እያማሰለ። «የክፍያው ስልክ በነካ ቁጥር ከደበቀው ቁልፍ አዲስ ኮድ ያወጣል፤ የትናንቱን ብትቀጂው ዛሬ አይሠራልሽም። የእኛዋ ግን ለጠየቃት ሁሉ ያንኑ አንድ ቁጥር ታነበንባለች። ማንም በስልኩ አንብቦ ባዶ ተለጣፊ ላይ ይጽፋታል። የኮሚቴው አባል ኦቦ ጉርሙ ቅጂዋን ጎጆ ከተማ፣ ድንች መጋዘናቸው በር ላይ ለጥፈዋታል። እዚያው ነክተው እዚህ መዝገብ ይገባሉ።»

«ሲስተሙ የት ነህ አይልም?»

«እንዲል ማድረግ ይቻላል። ለዲኑ ነግሬያቸው ነበር፤ ‹ሥልጣኔ ትፈራለህ› አሉኝ።»

በማግስቱ ኮሚቴው ተሰየመ። የማሰናበቻው ደብዳቤ የሦስት አባላት ፊርማ ይፈልጋል፤ አንደኛው ወንበር ባዶ ነው። ዲኑ ኮምፒውተራቸውን አዩ።

«ኦቦ ጉርሙ ከጠዋት ጀምሮ ተገኝተዋል። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።»

ጸሐፊዋ ወይዘሮ ደብሪቱ ወንበሩን አየች፤ ኮምፒውተሩን አየች፤ ጻፈች።

«እንግዲያው ኦቦ ጉርሙ ይጠይቁኝ» አለች ቤርሳቤህ።

ዲኑ ጉሮሯቸውን ጠርገው ደወሉ፤ ድምፁን ለጉባኤው ከፈቱት።

«ኦቦ ጉርሙ፣ የት ነዎት?»

«ቢሮ ነኝ፣ ዶክተር።»

በግ ጮኸ። አንድ ሰው ከኋላ «ጉርሙ፣ ዲኒቻ ከነ ኤሳ ካኡ?» አለ፤ ድንቹን የት እናስቀምጠው ማለቱ ነው።

«ስብሰባ ላይ ነኝ» አሉ ኦቦ ጉርሙ ለድንቹ ሰውዬ፣ ስልኩም ተዘጋ።

«የበጉን ድምፅ በየትኛው ልያዝ?» አለች ወይዘሮ ደብሪቱ። «በድጋፍ ወይስ በተቃውሞ?»

ዶክተር ዱጋሳ አሰቡ። ጉርሙ የለም ካሉ ተለጣፊዋ ዋሽታለች፤ ተለጣፊዋ ከዋሸች ደግሞ ሪባን የቆረጡላት እሳቸው ናቸው። ሰውየው ስለተገኙ ቀሪ አይባሉም፤ ቀሪ ስላልተባሉ ተተኪ አይሾምባቸውም። ስለዚህ ጉርሙ እንደተገኙ፣ ደብዳቤው ደግሞ ፊርማቸውን እንደሚጠብቅ ተወሰነ።

ቤርሳቤህ ደብተሯን አንስታ ወደ ክፍሏ ሄደች። ዛሬም ታስተምራለች፤ ዛሬም የለችም። ደብዳቤው ዲኑ ጠረጴዛ ላይ ነው። ኦቦ ጉርሙ እሷን ለማባረር ከጎጆ አምቦ ድረስ መውረድ አለባቸው፤ ምን አደከማቸው፣ ተገኝተዋል።