ሰው ፊት የቀረበ ወተት

ሐኪሟ አሮጊቷን ስታያቸው ቆዳቸው ከአጥንታቸው ተጣብቋል። ልጃቸው የምግብ ጓዳውን ቆልፎባቸው፣ ለሳምንታት እህል የሚባል ነገር ሳይቀምሱ ከርመዋል ማለት ይቻላል። እሷም አስቀድማ ቫይታሚን ቢ አንድ ሰጠቻቸው፤ በደማቸው ያሉትን ማዕድናት፣ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየምን፣ በየቀኑ እያስመረመረች ምግቡን በጥቂት በጥቂቱ ልትጨምር ወሰነች።

«የከረመ ረሃብ በአንዴ ከጠገበ ልብ ያቆማል» ብላ ሽቶው ከሩቅ የሚጣራውን ልጃቸውን አስጠነቀቀችው።

ጠያቂ የሆስፒታሉን ክፍል ሲሞላው ግን ልጁ ማር የተበጠበጠበት ወተት በትልቅ ኩባያ አጠጣቸው። በማግስቱ ፎስፌታቸው አሽቆለቆለ፣ ልባቸውም ምቱ ተዘበራረቀ። ሐኪሟ ፎስፌቱን በደም ሥር እየተካች ምግቡን መልሳ ቀነሰች።

«እናቴን በረሃብ ልትገድያት ነው!» ብሎ ጠያቂ ፊት ጮኸባት።

ሐኪሟ ልትመልስለት ዞረች። አሮጊቷ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ተይው ልጄ» አሏት፤ «እሱ የሚያበላኝ ሰው ሲያየው ነው።»