ዜሮ ሁለት በአስረሳሽ ቤት

ከአሶሳ ወጣ ብላ ባለችው የሰፋሪዎች መንደር ቀሚስ የለበሰ ኢንቨርተር ያለው በአስረሳሽ ቤት ብቻ ነው። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል አለው፣ ፍሪጁም አለው። ታዲያ የፀሐይን ጉልበት ወደ መብራት የሚለውጠው የቤቱ አለቃ ለምን ራቁቱን ይሰቀላል? መጋቢት ላይ ነጭ ዳንቴል ሠርታ ከአናቱ እስከ ታች አለበሰችው። ለቁጥሩ መስኮትና ለመብራቶቹ ብቻ ፊቱን ከፈት አደረገችለት። እጇስ የተባረከ ነው፤ ይህን ማንም አይነፍጋትም።

ባሏ ፈንታ የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ ኢንሱሊኑ የሚቀመጠው በትንሿ ፍሪጅ ውስጥ ነው። አምና በበጋ መድኃኒቱ በሙቀት ተበላሽቶ ፈንታ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገብቶ ነበር። አሶሳ ቢሮ የሚሠራው ልጃቸው ሰራዊት ያኔ ሶላሩን አስገጠመላቸውና ቁርጡን ነገራቸው፤ ይህ ነገር አንድ ቀን ከከዳቸው ጭኖ ወደ ቤቱ ይወስዳቸዋል። ሠላሳ ምናምን ዓመት የኖሩበትን፣ መንጥረው ያቀኑትን መሬት ትቶ በልጅ ሳሎን መጦር ለአስረሳሽ ከሞት አይሻልም።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ኢንቨርተሩ ሳያቋርጥ ይጮህ ጀመር። ፍሪጁ ጸጥ አለ። አስረሳሽ ሶላሩን ወደ ገጠመው ወደ ጀዕፈር ደወለች። ጀዕፈር የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ በአማርኛው ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላል፣ እሷም ለምዳዋለች። የዚያን ዕለት ሱዳን ድንበር ላይ ባለችው ኩርሙክ ነበር፤ መንገዱ መንገድ ስላልሆነ ከነገ በፊት አይደርስም።

«እናቴ፣ ቀዩ መብራት ብልጭ ብልጭ ይላል ወይስ ዝም ብሎ በርቷል?»

«ዝም ብሎ በርቷል።»

«ብልጭ ካለ ማስጠንቀቂያ ነው። ዝም ብሎ ከበራ ብልሽት አለ፣ ማሽኑ ሥራ አቁሟል። ቁጥሩ ስንት ነው?»

ፊደል ባትቆጥርም ቁጥር ከስልክ ለምዳለች። «ዜሮ ሁለት።»

«አልሐምዱሊላህ። በእናንተ ማሽን ዜሮ ሰባት ጭነት በዛ ነው። ዜሮ አምስት ከሆነ ሽቦ ተነካክቷል፣ እኔ ሳልመጣ አትነካም። ዜሮ ሁለት ሙቀት ነው። በላዩ የተቀመጠ ነገር አለ?»

«ምንም የለም።»

አልዋሸችም። ልብስ የተቀመጠ ነገር ነው እንዴ?

ጀዕፈር የፍሪጁን ሶኬት አስነቀላት፣ ኢንቨርተሩን ከታች ባለው ማጥፊያ አስጠፋት፣ ግማሽ ሰዓት እንድትጠብቅ ነገራት። የፍሪጁን በር እንዳትከፍት ደግሞ አስጠነቀቃት፤ ቅዝቃዜው እንዳይወጣ። ጠብቃ አበራች፣ ፍሪጁን ሰካች፤ ደህንነቱን የሚያሳየው አረንጓዴው መብራት ብልጭ ብልጭ አለ፣ ፍሪጁም ተነሣ። ፈንታ ግን ዓይኑን ከቀዩ ላይ አልነቀለም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ያው ጩኸት፣ ያው ዜሮ ሁለት። ፈንታ የራሱን ስልክ ይዞ ወደ በረንዳ ወጣ።

አስረሳሽ ፈራች። እንደገና ለጀዕፈር ደውላ «ጨርቅ ላርጥብና ላድርግበት? ትኩሳት እኮ ነው» አለችው።

«ላ፣ አይሆንም! ውሃ አታስጠጋ። ብሎን አትፍታ። ጠፍቶም ውስጡ ኤሌክትሪክ አለ፣ ሰው ይገድላል። በጎኑ ትንንሽ ቀዳዳ አለ አይደል? ሳትነካ እጅህን አስጠጋ። ምን ያህል ይሞቃል?»

«ቆይ፣ ቀሚሱን ልግለጥ።»



«ምን ቀሚስ?» አለ ጀዕፈር።

ስትነግረው አልሳቀም፤ ማሽኑ በእነዚያ ቀዳዳዎች እንደሚተነፍስ ቀስ ብሎ አስረዳት። አስረሳሽ አፈረች። በገዛ ክሯ የባሏን መድኃኒት ልታበላሽ ነበር። ማሽኑን አጥፍታ ዳንቴሉን አወለቀች፤ ቀዳዳዎቹን የደፈነውን አቧራ እንደነገራት በደረቅ ጨርቅ ጠረገች፣ መስኮቱን ከፈተች። በጎኑ በኩል የምጣድ ወላፈን የመሰለ ሙቀት ወጣ።

ፈንታ ተመልሶ ይህን ሲያይ «ያላዋቂ ሳሚ...» ብሎ ጀመረና ፊቷን አይቶ ተረቱን ሳይጨርስ ተወው።

አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቀች። መጀመሪያ ኢንቨርተሩን ብቻ አበራች፣ ቀጥላ ፍሪጁን ሰካች። ከፊቱ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ሩብ ሰዓት አለፈ፣ ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ ቀይ የለም፣ ቁጥርም የለም፣ አረንጓዴው ብቻ ብልጭ ብልጭ ይላል። መድኃኒቱን ስትዳስሰው እንደ ቀዘቀዘ ነው።

አመሻሹ ላይ ሰራዊት ደወለ። ፈንታ በረንዳ ላይ ሆኖ ነግሮታል ለካ።

«እማዬ፣ ማሽኑ ቆመ አሉ። ነገ አይሱዙ ይዤ እመጣለሁ፣ ዕቃውን ሰብስቡ።»

ፈንታ አንገቱን ደፋ። አስረሳሽ ማሽኑ ላይ ማላከክ ትችል ነበር፤ ግን ማሽኑ ከዳ ማለት ጓዝን መሸከፍ ነው።

«ማሽኑ አልከዳም፤ እኔ ነኝ ያፈንኩት» አለች። «አሁን አውቄዋለሁ። ቀዩ ከበራ ቁጥሩን አነባለሁ፣ አጠፋለሁ፣ እጠብቃለሁ፣ ከእኔ በላይ ከሆነ ሳልነካ ለጀዕፈር እደውላለሁ። አባትህ ሲያመው ምልክቱን የማውቅ ሰው ይህ አያቅተኝም።»



«ታዲያ ነገ አልምጣ?» አለ ሰራዊት።

«ለምን አትመጣም? ና እንጂ» አለችው። «ግን በባጃጅ ና፤ የሚጫን ዕቃ የለም።»