ክፍያው ዜሮ

ብዙነህ ውሸታም ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሞ መናገር ይሻላል፤ ከሰኔ ሃያ አራት በኋላ ራሱም አላመነውምና። አዳማ መነኻሪያ አካባቢ ባለች አንዲት የባንክ ቅርንጫፍ፣ ከውጭ የሚላክ ገንዘብ በሚከፈልበት መስኮት ስድስት ዓመት ሠርቷል። በስድስቱም ዓመት ከሰው ገንዘብ አንዲት ብር አጉድሎ አያውቅም። የበደለው በአንዲት የስልክ መልእክት ነው።

ቅርንጫፏ ሠራተኞች ሻይ የሚጠጡባት ጠባብ ክፍል አላት፤ ክፍሏ ውስጥ ደግሞ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ሰሌዳው ላይ የሁሉም ሠራተኛ ስም፣ ከስሙም አጠገብ በዓመቱ ወደ ባንኩ ያስመጣው የውጭ ምንዛሪ ይጻፋል። ኮታ ነው። ጥበቃው ሳይቀር ኮታ አለበት፤ እሱማ የአክስቱ ልጅ ቤይሩት ስላለች ከብዙዎቹ ይሻላል። የብዙነህ ዘመዶች ግን ከመቂ አልፈው የሄዱበት አገር የለም፤ ቢልኩ ሽንኩርት ነው የሚልኩት። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ስድስት ቀን ሲቀረው የእሱ ስም የሰሌዳው መጨረሻ ላይ ነበር። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ እንቁ አልተቆጡትም። ሻያቸውን እያማሰሉ «ብዙነህ፣ አንተ ሰው አታውቅም እንዴ?» ብለው ጠየቁት፤ ያቺ ጥያቄ ቀኑን ሙሉ ስትከነክነው ዋለች።

ሰውማ ያውቃል። እትዬ አበዛሽን ያውቃል። ከእሱ ቤት በአንድ ግንብ ብቻ የሚለዩ ጎረቤቱ ናቸው። እናቱ ስትሞት ቤቱን ሳምንት ሙሉ ያስተዳደሩት እሳቸው ናቸው፤ ባንክ ሲቀጠር የለበሰውን ሱሪም ያሳጠሩለት እሳቸው፣ ያውም በነጻ። ሙያቸው ልብስ ስፌት ነው። በኪራይ ሱቅ ውስጥ፣ በሁለት የስፌት መኪና የተማሪዎች የደንብ ልብስ ይሰፋሉ፤ ዓመቱን የሚያኖራቸውም ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚሰፉት ነው። በዚያ ሰሞን ግን የሱቁ ባለቤት አቶ ቶኩማ የስድስት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ ካልተከፈለኝ፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ሱቁን ለሞባይል ነጋዴ አከራየዋለሁ ብለዋቸዋል። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ነጋዴው ገንዘቡን ይዞ በር ላይ ቆሟል።

የእትዬ አበዛሽ ልጅ ሚልካ ጀርመን ከገባች ስምንት ወሯ ነው። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት እየሠራች ትማራለች። እሑድ እሑድን ሳይቀር እየሠራች ያጠራቀመችው አንድ ሺህ ዩሮ ነበራት፤ ለሱቁ ልትልከው ነው። ይህን ያህል ገንዘብ ልካ አታውቅምና በየትኛው ልላክ ብላ ተጨነቀች። እናቷ መፍትሔው አልጠፋቸውም። ለብዙነህ አሳዪው፣ እሱ የባንክ ሰው ነው አሏት።

ሰኔ ሃያ አራት ቀን፣ ለምሳ ሊወጣ ሲል፣ ከሚልካ ሁለት ስክሪንሾት ደረሰው። ከሁለት የገንዘብ መላኪያ መተግበሪያዎች የተወሰዱ ናቸው፤ አንደኛዋ ምልክቷ ርግብ፣ ሁለተኛው ድልድይ። በባለርግቧ፦ የሚከፈል 1,000 ዩሮ፣ ክፍያ 0፣ አንድ ዩሮ በ168.20 ብር፣ ተቀባይ የሚያገኘው 168,200 ብር። በባለድልድዩ፦ የሚከፈል ያው 1,000 ዩሮ፣ ክፍያ 4.99፣ ተቀንሶ የሚመነዘረው 995.01፣ አንድ ዩሮ በ174.50 ብር፣ ተቀባይ የሚያገኘው 173,629 ብር ከሳንቲም። ባለርግቧ ዜሮዋን በትልቁ፣ በአረንጓዴ ጽፋታለች። ባለድልድዩ የክፍያውን መስመር እንደሌላው ሁሉ በጥቁር ጽፎታል።

ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው በአረንጓዴ አይታለልም። ከላኪው ኪስ የሚወጣው እኩል ከሆነ፣ ዓይኑ በቀጥታ የሚሄደው ተቀባይ የሚያገኘው ወደሚለው መስመር ነው። ባለርግቧ ዋጋዋን ክፍያ ብላ አልጻፈችም እንጂ ምንዛሪው ውስጥ ቀብራዋለች። ብዙነህም ይህን ለማየት አፍታ አልፈጀበትም። አምስት ሺህ አራት መቶ ሃያ ዘጠኝ ብር ልዩነት።

ግን ሌላም ነገር አየ። ባለድልድዩ ገንዘቡን የሚያስገባው እትዬ አበዛሽ ሒሳብ ወደከፈቱበት ወደ ሌላ ባንክ ነው። ባለርግቧ የምትልከው ደግሞ በጥሬ ገንዘብ የሚወሰድ ሆኖ፣ መውሰጃ ቦታው የእሱ ባንክ ነው፤ የእሱ መስኮት። አንድ ሺህ ዩሮ በስሙ ሰሌዳው ላይ ይጻፋል። ኪራዩ ስንት እንደሆነ አልጠየቀም። ቢጠይቅ መልሱን መስማቱ አይቀርምና ነው ያልጠየቀው።

«በርግቧ ላኪ» ብሎ ጻፈላት። «ክፍያ የለውም፤ ገንዘብሽ አይነካም።»

ሚልካ ወዲያው አልላከችም። ምንዛሪው ጸንቶ የሚቆየው ለግማሽ ሰዓት ነበር፤ ከዚያ ውስጥ አሥር ደቂቃው አለፈ። ከዚያ «እርግጠኛ ነህ?» ብላ ጠየቀችው።

«ስድስት ዓመት የሠራሁበት ነው» አላት።

በነጋታው እትዬ አበዛሽ እሑድ የሚለብሱትን ቀሚስ ለብሰው፣ ሚልካ የላከችላቸውን የሚስጥር ቁጥር በወረቀት ይዘው፣ መታወቂያቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው መስኮቱ ፊት ቆሙ። ሰልፈኛውን ዞረው እያዩ፣ ይሄ ልጄ ነው እንደማለት ፈገግ ይላሉ። ብዙነህ ቁጥሩን አስገባ፤ ስማቸውን አመሳከረ፤ የሚከፈለውን ነገራቸው።

እትዬ አበዛሽ በጣታቸው ቆጠሩ፤ እንደገና ቆጠሩ። ኪራዩ በወር ሃያ ስምንት ሺህ አምስት መቶ፣ የስድስት ወሩ መቶ ሰባ አንድ ሺህ ነው አሉት። ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ጎደለ። ሚልካ አስቀድማ ይበቃል ብላኝ ነበር፣ ምናልባት ተሳስታ ይሆናል አሉ። አልተሳሳተችም ነበር፤ በባለድልድዩ ቢሆን ኪራዩ ተከፍሎ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ብር ይተርፍ ነበር።

የመክፈያው ወረቀት ገና አልተፈረመም። እስኪፈረም ድረስ ሚልካ ከስልኳ ላይ መላኩን መሰረዝ ትችላለች፤ ገንዘቡ ወደ ካርዷ ተመልሶ በሌላኛው ይላካል። ብዙነህ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። መመለሱ ቀናት ይፈጃል፣ ለቅዳሜ ላይደርስም ይችላል ብሎ ለራሱ ተከራከረ። ክርክሩ እውነት ነበር፤ ዝም ያለው ግን በእሱ ምክንያት አልነበረም። ቢናገር፣ እኚህ ሴት «ታዲያ ለምን በዚህ አስላክኸን?» ይሉታል፤ ይህንን ፈራ። እስክሪብቶውን በመስኮቱ ሥር አሳለፈላቸው።

ፈረሙ። ከዚያ ፊቱን አይተው ያጽናኑት ጀመር። «አይዞህ፣ አንተ ምን ታደርግ፣ የምንዛሪ ነገር ነው። አንዷን መኪና እሸጣለሁ።»

በሐምሌ ዋዜማ መኪና መሸጥ ማለት የዓመቱን እንጀራ ግማሽ መሸጥ ማለት ነው። ብዙነህ ምሳውን ትቶ ከደመወዙ የቀረችውን ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ብር አወጣና ሱቃቸው ድረስ ሄደ። ብድር አይደለም አላቸው። እንቢ አሉ፣ ለመናቸው፣ ሻሻቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። ሊነግራቸው አፉን ከፍቶ ነበር። እሳቸው ግን ቀድመው ጉንጩን ሳሙት፤ ከሳሙት በኋላ ደግሞ አፉ አልታዘዝ አለው።

አርብ ኪራዩ ተከፈለ። ሰሌዳው ላይ የብዙነህ ስም ሁለት መስመር ወደ ላይ ወጣ። ወይዘሮ እንቁ ሻያቸውን እያማሰሉ «ሰው ታውቃለህ ለካ» አሉት።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የምስክርነት ጊዜ ሲደርስ እትዬ አበዛሽ ተነሡ። ብዙነህ አራተኛው ረድፍ ላይ ነበር፤ ሲነሡ ሲያይ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ማይኩን ያዙና ሱቃቸው ሊወሰድ እንደነበር፣ እግዚአብሔር በባዕድ አገር ልጃቸውን፣ በጎረቤት ደግሞ ሌላ ልጅ እንደሰጣቸው፣ ያም ልጅ ከልጃቸው ጋር መክሮ፣ የጎደለውንም ከኪሱ ሞልቶ ሱቃቸውን እንዳስቀረላቸው ተናገሩ። ስሙንም ጠሩት። ጉባኤው ሃሌ ሉያ አለ፤ አጠገቡ የተቀመጠው ሽማግሌም ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው። ብዙነህ መዝሙር ሲጀመር ወጣ፤ ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ፊቱን ደጋግሞ ታጠበ። ጸጸት እንዲህ በሰው ጭብጨባ ሲመጣ መደበቂያ የለውም።

ከሰዓት በኋላ ሚልካ ደወለች። ልታመሰግነው ነው። ሁለት ሺህ ስምንት መቶውንም በወሩ መጨረሻ እመልስልሃለሁ አለችው። ያኔ ነው ያልቻለው። ሰሌዳውን፣ ኮታውን፣ መልእክቱን፣ በመስኮቱ ሥር ያሳለፋትን እስክሪብቶ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገራት።

ከሚልካ ኋላ የአሮጊት ሳል ይሰማ ነበር፤ ሥራ ላይ ናት።

«አይቼው ነበር» አለችው። «የመጨረሻዋን መስመር አይቻታለሁ። የድልድዩ ከአምስት ሺህ ብር በላይ ይበልጣል። እኔ የማላውቀው ነገር ቢኖር ነው ብዬ ዓይኔን ትቼ አንተን አመንኩ። እርግጠኛ ነህ ብዬ የጠየቅኩህም ለዚህ ነው።»



«ምን አገኘህበት?» ብላ ጠየቀችው።

«ምንም» አላት። «ስሜ ሁለት መስመር ወደ ላይ ወጣ።»

የልዩነቱን ቀሪም ልክፈል፣ ከነገ ጀምሮ በየወሩ እሰጣለሁ ብሎ ሊለምናት ጀመረ፤ አላስጨረሰችውም። «አልቀበልህም። ከፍለህ ተገላግለህ እንድትተኛ አልፈልግም። ለእማዬም እንዳትነግራት። ዛሬ ሰው ፊት ቆማ የመሰከረችውን እንዳትቀማት።» ስልኩን ዘጋችው።

በነሐሴ አጋማሽ፣ የደንብ ልብሱ ሥራ በጦፈበት ሰሞን፣ እትዬ አበዛሽ በግንቡ ላይ ብቅ ብለው ጠሩት። የስፌቱ ክር ቀሚሳቸው ላይ ተሰካክቷል፤ ደክሟቸዋል፤ ደስ ብሏቸዋል። ሚልካ ትንሽ ብር ልካ ነበር፤ በዚያኛው ባንክ ባላቸው ሒሳብ ውስጥ ቀጥታ ገባ፤ ምንዛሪውም ጥሩ ነው። በዚህ ጊዜ ለምን ብዙነህን አላማከርሽም፣ ተጣላችሁ እንዴ ብለው ጠይቀዋት ነበር።

«ምን አለችኝ መሰለህ» አሉት። «‹እማዬ፣ አሁን ራሴ ነኝ የማነበው። የመጨረሻዋን መስመር እንዳምን ያስተማረኝ ብዙነህ ነው› አለችኝ። ልጄን ዓይኗን ከፈትክላት ማለት አይደል፤ ጌታ የአንተንም ዓይን እንዳበራ ያኑርልህ።»

ብዙነህ በግንቡ ወዲህ በኩል አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ሲመርቁት ዝም አይባልም፤ አሜን አላቸው።