የኅዳር አራት ቀናት

ጥር ዘጠኝ ቀን በመካነ ሰላም የግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ከቡድን መሪዬ ከአቶ ቢተው ፊት ተቀምጬ የግማሽ ዓመት ውጤቴን አነበብኩ። ከመቶ ሰባ አራት ነጥብ ሦስት! ለዲግሪ ትምህርት ለመወዳደር ሰማንያ ያስፈልጋል። በቀበሌ የግብርና ልማት ሠራተኛነት ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ፤ ይህ ዕድል ካመለጠኝ ደግሞ መቼ እንደሚመጣ እግዜር ይወቀው።

«እቅድሽ ስልሳ ገበሬ ኮምፖስት እንዲያዘጋጅ ማድረግ ነበር። ፋይሉ ላይ ሠላሳ አንድ ነው ያለው» አለኝ ቢተው፣ መነጽሩን እየጠረገ። «የኅዳር ሪፖርትሽ የለም።»

«በእጄ አምጥቼ ያስገባሁት እኮ ነው!»

«ያስገባሽበት ምልክት አለሽ?»

የለኝም። የሰጠሁትን ወረቀት ማን ተቀበለልኝ ብዬ አስፈርሜ አላውቅም። ግን ደብተሬ አለ። በየቀኑ ማታ የት እንደዋልኩ፣ ከማን ጋር ምን እንደሠራሁ፣ ምን እንደቀረ የምጽፍበት ባለ ጠንካራ ልባስ ደብተር ነው። ጓደኞቼ «ሸዋረግ ማስታወሻ ትጽፋለች» እያሉ ሲያሾፉብኝ ከርመዋል። አብዛኞቹ ሪፖርታቸውን በወሩ መጨረሻ እያሰቡ ነው የሚሞሉት፤ ይሙሉት፣ እኔ ምን አገባኝ። ትናንት ሪፖርቱ እንደጠፋ ሰምቼ ከዚያ ደብተር የኅዳርን ሪፖርት እንደገና አወጣሁ፤ አሁን ከደብተሩ ጋር ፊቱ አስቀመጥኩት። ሃያ ሰባት ገበሬ፣ በስም በስሙ። ከሠላሳ አንዱ ጋር ሃምሳ ስምንት ይሆናል።

ቢተው ሒሳቡን በማሽን መታው። ኮምፖስቱ ከመቶው ሃያ ነጥብ ይይዛል። «ሰማንያ ሦስት ነጥብ ሦስት» አለ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፣ ፈገግ አልኩ። ቸኮልኩ።

ደብተሩን ሳበና አንድ ባንድ እያገላበጠ ከሪፖርቱ ጋር ማስተያየት ጀመረ። አንዱ ገጽ ላይ ጣቱ ቆመ።

«ኅዳር ሃያ አንድ። በአቶ ዋለ ግቢ ዘጠኝ ገበሬዎች ኮምፖስት አገላበጡ።» ቀና ብሎ አየኝ። «በኅዳር ጽዮን?»

በእኛ ቀበሌ በጽዮን ዕለት ፍግ የሚነካ የለም፤ እንኳን ዘጠኝ ሰው አንድም አይገኝም። ትዝ አለኝ። ከሃያ እስከ ሃያ ሦስት ከተራራው ስወርድ ስወጣ እየዋልኩ፣ ማታ ማታ እስክሪብቶ መያዝ ሰልችቶኝ ተኛሁ። በሃያ አራት አራቱንም ቀን ባንድ ቁጭታ ከሐሳቤ ሞላሁት።

«ሥራው ተሠርቷል፣ አቶ ቢተው። ቀኑን ነው የተሳሳትኩት።»

ስልኩን አንስቶ አቶ ዋለ ጋ ደወለ፤ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፈተው።

«በጽዮን ቀን?» አሉ ጋሽ ዋለ ደንግጠው። «አስተግፊሩላህ! ቤተ ክርስቲያን ነበርን እንጂ! ልጅቱ መጥታ አገላብጠናል፣ እሱስ እውነት ነው። ቀኑን ግን እንጃ። ዘጠኝ እንሁን ስድስት አላስታውስም፣ አብሽሩ፣ ለክፉ አይደለም።»

ክርስቲያኑ ጋሽ ዋለ ሲደነግጡ የሚወጣቸው ቃል ይኸው ነው፤ በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ቢተው ስልኩን ዘጋ። «ቀኑም የሰው ቁጥሩም ያልታወቀ ሥራ መቁጠር አልችልም። ዘጠኙን አወጣለሁ።» ማሽኑን ነካካ። «አርባ ዘጠኝ ከስልሳ። ሰማንያ ነጥብ ሦስት።»

ትንፋሼ ተመለሰ። ተርፌያለሁ!

እስክሪብቶውን ግን አላስቀመጠም። ቅጹን ወደኔ ገፋ፣ ከዚያ መልሶ ያዘው። «ሸዋረግ፣ በዕለቱ ሳትጽፊው ቆይተሽ የሞላሽው ሌላ ቀን አለ?»

ሃያ፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሦስት። በእያንዳንዱ ቀን አንዳንድ ገበሬ። ሦስት ሰው ብቻ! ከበዓል ጋር አይጋጩም፣ ማንም አያውቃቸውም። የለም ብል ያልፍልኛል። ሒሳቡን በልቤ አሰላሁት፤ እያንዳንዱ ሰው የነጥብ ሲሶ ነው፣ ሦስቱ አንድ ሙሉ ነጥብ። ከሰማንያ ነጥብ ሦስት ላይ አንድ ሲነሳ...

የኅዳርን የቀሩትን ቀናት አየሁ። ፍግ የነካው ገጽ፣ በላብ የደበዘዘው፣ ከየገበሬው ደጃፍ ተመልሼ እንቅልፍ ሳይወስደኝ የጻፍኩት። ለነዚያ ማንም ለምስክርነት ቢጠራ አላፍርም። ለሦስቱ ግን መማል አልችልም፤ በሃያው ይሥሩ በሃያ ሁለቱ እኔም አላውቅም። አሁን የለም ካልኩ ደግሞ ሌላውንም ገጽ አብሬ አበላሸዋለሁ።

«አለ» አልኩ። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም። «ሦስት ቀን። እነዚህ ናቸው።» በጣቴ አሳየሁት።

ቢተው ሦስቱን ሰረዘና ማሽኑን ነካካ፤ ያየውን ጮክ ብሎ አላነበበም፣ ቅጹ ላይ ጻፈው እንጂ። ሰባ ዘጠኝ ነጥብ ሦስት።

«ቅሬታ ማቅረብ ትችያለሽ» አለኝ ዝግ ባለ ድምፅ።

«በምን ማስረጃ?» አልኩና ፈረምኩ።

ኮሪደሩ ላይ ተራዋን የምትጠብቀው የሥራ ባልደረባዬ ፋና ፊቴን አይታ ብድግ አለች። «አልደረሰልሽም? በስንት?»

«ከአንድ ነጥብ ባነሰ።»

«ጨካኝ! ቢተው ነው አይደል የቆረጠብሽ?»

«አይደለም» አልኳት። «እኔ ነኝ።»