ሰባት ጊዜ የተቆጠሩት ባለጉዳይ

አስተባባሪዋ ገና አዲስ ተቀጣሪ ሳለች፣ መዝገብ ታቅፋ በኮሪደሩ ስታልፍ፣ ከአንድ በር ጀርባ ሁለት ኃላፊዎች ሲከራከሩ ሰምታ ነበር። አንዱ፣ «ሰው የሚሠራው ለሚያገኘው ነው፤ ስጠውና እይ!» ሲል፣ ሌላው፣ «ለምን እንደሚሠራ ከገባው ሳትጠብቀውም ይሠራል» ያለ መሰላት። የቀረውን ረስታዋለች፤ መዝገቡ ከባድ ነበር።

ዛሬ በዚያው መሥሪያ ቤት ባለጉዳይ የሚስተናገድባቸው የአምስት መስኮቶች አስተባባሪ ናት፤ በሁለት አለቆች መካከል ተወጥራለች። ዋናውን ኃላፊ ሠራተኛው በሌሉበት «ሚዛን» ይላቸዋል። ለተስተናገደ ሰው አንድ ነጥብ፣ ለስህተት ቅናሽ፣ ብዙ ነጥብ ላለው የአንድ ቀን ፈቃድ። ስህተት ካልተሰማ ከቢሯቸው ንቅንቅ አይሉም። ምክትላቸው ደግሞ «ራእይ» ናቸው። ባለፈው ወር ሚዛን ዕረፍት ሲወጡ ነጥቡን አስቀርተው፣ ስለ አገልጋይነት ክብር እንባ በሚያመጣ ንግግር ሁሉንም አስጨበጨቡ። ሰልፉ ግን ደጅ ደረሰ፤ ጭብጨባ ማኅተም አይመታም።

ዛሬ ጠዋት ሚዛን ደብዳቤ ሰጧት። አራተኛ መስኮት ያለችው፣ «ዝግታ» የሚሏት ሠራተኛ፣ ነጥቧ አንሷልና ወደ መጋዘን ትዛወር፤ አስተባባሪዋ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትፈርም። ልጅቱ በሰው ጉዳይ እንዴት እንደምትደክም አስተባባሪዋ ታውቃለች። «አምላኬ፣ አንተው ምራኝ» አለች በልቧ፤ ከመፈረሟ በፊትም የመስኮቶቹን መዝገብ ገለጠች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለቱም አለቆች ፊት መዝገቡን ዘርግታ በአንድ ባለጉዳይ ስም ላይ ጣቷን አኖረች።

«አለቃዬ፣ እኚህ አዛውንት ስንት ሰው ናቸው?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? አንድ ናቸዋ!»

«መስኮት አንድ ግን ሰባት ብሏቸዋል። 'ነገ ይመለሱ' በተባሉ ቁጥር አንድ ነጥብ። በስምንተኛው ቀን ዝግታ ጋ ደረሱ፤ በአንድ ቀን ጨረሰችላቸው። ያው አንድ ነጥብ!»

ራእይ ሳቃቸው አመለጣቸው። «አላልኩም? ዓላማ ሲጠፋ...»

«እርስዎም ጋሼ አይሳቁ። ዓላማ በሰበኩን ሳምንት እኚሁ ሰው ደጅ ቆመው ነው የዋሉት። ማን ምን እንደሚሠራ አልነገሩንም።»

 ሚዛን ዝግታን አስጠሯት።

«ሌላው በቀን ሃያ ሰው ሲያስተናግድ አንቺ ስምንት፤ ለምን?»

«የጎደለውን ሁሉ በአንድ ወረቀት እጽፍላቸዋለሁ፣ እንዳይመላለሱ።»

«ማን አዘዘሽ?»

«ማንም። እናቴ አንድ ፊርማ ፍለጋ ስትመላለስ ጫማዋ አልቆ ነበር።»

ሚዛን መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጠረጉት፤ ያልቆሸሸ መነጽር።

«እሺ» አሏት አስተባባሪዋን በመጨረሻ። «ነጥቡ ጉዳዩ ሲያልቅ ብቻ ይቆጠር። ደብዳቤውን አምጪው፣ ልቅደደው።» ወደ ምክትላቸው ዞሩ። «አንተ ደግሞ ንግግሩን ተውና ይህን የጎደለው የሚጻፍበትን ወረቀት ለየመስኮቱ እየዞርክ አስረዳ፤ ለምን እንደሚጻፍም ጭምር።»

«እርስዎስ?» አሉ ራእይ፣ ፈገግታቸውን ለመደበቅ ሳይሞክሩ።

ሚዛን ኮታቸውን አስተካከሉ። «እኔ ሰኞ ጠዋት ከዝግታ አጠገብ ተቀምጬ እማራለሁ። ግን አደራ፣ ነጥብ እንዳትይዙብኝ።»